ዱባይ ያለች ደንበኛ «ከትከሻ በላይ ብቻ ቁረጡልኝ» ብላ ኢሜይል ላከች፤ ስቆርጠው ግን ደበዘዘ

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለን። ከወንድሜ ጋር ነው የምንሠራው። ትናንት ዱባይ ካለች ደንበኛ ኢሜይል ደረሰን። ስሟን አውጥቼ እንዳለ ልለጥፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ጥር ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ጊዜ እናንተ ቤት ከእህቴ ጋር ፎቶ ተነስተን ነበር። ያኔ በቴሌግራም የላካችሁልኝን አያይዣለሁ። አሁን ዱባይ ነኝ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን እያመለከትኩ ነው። ማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል። እዚህ ለመነሳት አሁን አቅሙ የለኝም፤ ደግሞም ይህን ፎቶ እወደዋለሁ። እባካችሁ እኔን ብቻ ከትከሻ በላይ ቆርጣችሁ ላኩልኝ። ፊቴን አትንኩት፤ እኔኑ እንድመስል ነው የምፈልገው። እስከ ሐሙስ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል። ክፍያውን እህቴ መጥታ ትሰጣችኋለች።»

ፎቶው ሙሉ ቁመት ነው። ሁለቱም የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። የላከችውን ፎቶሾፕ ላይ ከፍቼ፣ ክሮፑን 3.5 በ4.5 ሴንቲ ሜትር፣ 300 ብዬ ቆረጥኩት። ፊቷ ደበዘዘ። ዓይኗ አካባቢ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ነገር ይታያል። ሹል ላድርገው ብዬ ስሞክር ባሰበት። ልጅቷ ለሥራ ነው የምትፈልገው፤ እንዲህ ሆኖ ልልክላት አልፈለግሁም። ምን ላድርግ?

አቤል_ዲዛይን

300 ካደረግከው ጥራቱ በቂ ነው፤ ማተሚያ ቤትም የሚጠይቀው 300 ነው። ምናልባት ሴቭ ስታደርግ ጥራቱን ዝቅ አድርገኸው ይሆናል። 12 ላይ አድርገህ ሞክር።

የሀበሻ ቀሚሱ ግን ለሆቴል ሥራ የሚሆን አይመስለኝም። ኮት አልብሳት። ጥሩ ጥሩ የሴት ኮት ፋይሎች አሉኝ፤ ከፈለግክ እልክልሃለሁ።

ደጀን_ዲቪ

ወንድሜ ተጠንቀቅ። መጠኑ 3.5 በ4.5 አይደለም። 600 በ600 ፒክሰል፣ እኩል አራት ማዕዘን መሆን አለበት። ጀርባው ነጭ ይሁን። ጭንቅላቷ ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት። ደግሞ ሁለት ዓመት የሆነው ፎቶ አይቀበሉም፤ ከስድስት ወር መብለጥ የለበትም። እኔ በየዓመቱ ለስንት ሰው ነው የምሞላው፤ በፎቶ ምክንያት የሚወድቅ ብዙ ነው።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ደጀን አመሰግናለሁ፤ ግን ይህ ዲቪ አይደለም። የሆቴል ሥራ ማመልከቻ ነው፤ ቪዛም አይደለም። ማመልከቻው ላይ «ጉርድ ፎቶ» ከማለት ሌላ መጠን እንዳልተጻፈ ጠይቄያት ነግራኛለች።

አቤል፣ 12 ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት። ያው ነው።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

ልጄ፣ ችግሩ ሴቭ ላይ አይደለም። የቆረጥከው ከየትኛው ፋይል ላይ ነው? እሷ አያይዛ ከላከችው ላይ ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል።

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል። በዚያ ላይ ይጨምቀዋል። ሙሉ ቁመት ስልክ ላይ ስታየው አያስታውቅም። አሁን አስበው፤ ሰው ከእግር እስከ ራስ ሲቆም ጭንቅላቱ ከቁመቱ አንድ ሰባተኛ ወይም አንድ ስምንተኛ ነው። ስለዚህ በዚያ ፎቶ ላይ የልጅቷ ጭንቅላት ስንት ፒክሰል ቀረው? ፋይሉን ከፍተህ ከፀጉሯ አናት እስከ አገጯ ለካና ንገረኝ።

አቤል ያልከው 300 ለማተም ትክክል ነው። ግን 300 ብሎ መጻፍ ፒክሰል አይወልድም። ክሮፑ ላይ ስፋት፣ ቁመትና 300 አብረህ ከሞላህ፣ ፎቶሾፕ የግድ 413 በ531 ፒክሰል አድርጎ ያወጣልሃል። ከሥር የቆረጥከው ከዚያ ያነሰ ከሆነ የጎደለውን ራሱ ገምቶ ይሞላል። ያየኸው መደብዘዝ እሱ ነው። ዓይኗ አጠገብ ያለው አራት ማዕዘን ደግሞ የመጨመቁ ጠባሳ ነው፤ ሹል ስታደርገው የተሳለው ጠባሳው ነው።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት። ፎቶው 853 በ1280 ነው። ጭንቅላቷ 140 ፒክሰል ብቻ ነው። የቆረጥኩት ሳጥን 218 በ280 ገደማ ነበር። እውነትዎን ነው፤ እሱን ነው ወደ 413 በ531 የለጠጥኩት።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

አየህ። በኛ ጊዜም እንዲህ ነበር። ደንበኛ የታተመ ፎቶ ይዞ ይመጣና «ከዚህ ላይ ጉርድ አውጣልኝ» ይላል። ከወረቀት ላይ መልሰን ካነሳነው ጭቃ ይመስላል። ደረሰኙን ካመጣ ግን ቁጥሩን አይተን ኔጌቲቩን እናወጣለን። ጨለማ ክፍል ገብተን ማሳደጊያውን ከፍ እናደርግና ፊቱን ብቻ እናትማለን። ያን ጊዜ ቅንድቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

አሁንም መፍትሔው ያው ነው። ኔጌቲቩን ፈልግ። ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ኦሪጅናሉ አለ?

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ፎልደሮቻችን በቀን ነው የተቀመጡት። እሷ ቀኑን አታስታውስም። ደረሰኙም ጠፍቶባታል። በጥር 2016 ብቻ ሠላሳ ፎልደር አለን። የሰርግ ወቅት ስለነበር በየቀኑ ሙሉ ነው።

ሚሚ_ሻርጃ

እኔም እዚሁ ነኝ፤ ስለዚህ የልጅቷ ነገር ገባኝ። እኔ መጀመሪያ ስመጣ ቤቴ ግድግዳ ላይ ቆሜ በስልክ ተነስቼ ላክሁ። አምስት ቦታ አመልክቼ ማንም አልጠራኝም። ፎቶው ይሁን ሌላ አላውቅም። በኋላ ደህና ፎቶ ተነስቼ ሦስተኛው ቦታ ጠሩኝ። ቃለ መጠይቅ ላይ የጠየቀችኝ ሴትዮ ወረቀቱን አየችና እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ለዚህ ነው «ፊቴን አትንኩት» ያለችው። ኮት የሚለውን ተውት በእናታችሁ። አንገት ላይ የተለጠፈ ኮት ያስታውቃል።

አሁን በስልኳ ራሷን ብታነሳስ ግን? ስልኮቹ ጥሩ ናቸው።

ቤቲ_ፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የእኩልነት ሕግ አለ። ከዚያ ወዲህ ቀጣሪ ፎቶ ማስገደድ የለበትም። ሰው ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ ያያይዛል። እኔም አያይዤ ነው የገባሁት። አሜሪካ ያለች እህቴ ግን ሲቪዋ ላይ ፎቶ ለጥፋ ስትልክ ጓደኛዋ ቶሎ አውጪው አለቻት። እዚያ አይለመድም። ልጅቷ ያለችው ዱባይ ስለሆነ ግን ከጠየቋት ትላክ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ፎቶ እንደ ፓስፖርት ጥብቅ አይደለም። ትንሽ ፈገግታ ይቻላል። ደረት ድረስ ቢወርድም ችግር የለውም። ፊቷ ላይ ተጣብቆ እንዳይቆረጥ።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

ሚሚ፣ በስልክ ራስን ማንሳት ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ክንድ ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ሲነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። የሐዋሳው ፎቶ ግን ሙሉ ቁመት ነው። ካሜራው ሦስት አራት ሜትር ያህል ርቆ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ርቀት የተነሳ ፊት መልኩን ይጠብቃል፤ ብትቆርጠውም አይለወጥም። መቁረጥ ጠርዙን ነው የሚያመጣው እንጂ ፊቱን አይለውጠውም። ሰው ስልኩን ካነሳላት፣ እሷም ራቅ ብላ መስኮት ፊት ከቆመች ግን ደህና ይወጣል።

ሐዋሳ፣ የላከችው ፋይል ስሙ ምንድን ነው? ሳትቀይረው እንዳለ ጻፈው።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

`photo_2024-01-24_18-07-33.jpg`

ጋሽ_ኔጌቲቭ

በል እንግዲህ። ይህ ቴሌግራም ኮምፒዩተር ላይ ሲያወርዱት የሚሰጠው ስም ነው። ቀኑ ያለው ስሙ ውስጥ ነው፤ ጃንዋሪ 24፣ 2024። በኛ ጥር 15፣ 2016 ማለት ነው። ያ ግን ምናልባት የላካችሁበት ቀን ይሆናል እንጂ የተነሱበት ቀን አይደለም። ስታነሱ ለመላክ ስንት ቀን ትወስዱ ነበር?

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

በሰርግ ወቅት ሁለት ሦስት ቀን። ማለትም ጥር 12 ወይም 13። ጥር 12 እሑድ ነበር፤ የሚካኤል ዕለት። ሰርጉም የዚያን ቀን ይሆናል። ዛሬ ማታ እፈልጋለሁ።

ሰብለ_አዳማ

ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። የጻፈችው እሷ መሆኗን በምን አወቃችሁ?

የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። የእኔን የምረቃ ፎቶ ሌላ ሰው ከፎቶ ቤት ወስዶ የውሸት ገጽ ከፍቶበት ነበር። «ዘመዷ ነኝ፣ ውጭ ናት» ብሎ ነው የወሰደው። እነሱም በቅንነት ሰጡት። ገጹን ለማዘጋት ወራት ፈጀብኝ። የትኛው ፎቶ ቤት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ግን ኢሜይል ማንም ይጽፋል። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ ማያያዝም ማንም ይችላል።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ይህ አልታየኝም ነበር። እህቴ ትከፍላለች ስላለች ብቻ አመንኩ።

አቤል_ዲዛይን

ቀላል ነው። ደረሰኙ ግንድ ላይ ስልክ ቁጥር ትጽፋላችሁ አይደል? ፎልደሩን ስታገኝ ግንዱን ፈልግና በዚያ ቁጥር ደውል። ወይም እህቷ ለመክፈል ስትመጣ ፊቷን ከፎቶው ጋር አስተያይ፤ እሷም ፎቶው ውስጥ አለች።

ስለ 300ው ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ስለ ማተም እያሰብኩ ነበር። ስለ ኮቱ ግን አልቀየርኩም። እኛ ሰፈር በቀን ስንቱን ኮት አልብሰን እንልካለን፤ ሰውም ሥራ ይይዝበታል።

ሰብለ_አዳማ

እህቷ መምጣቷ ጥሩ ነው። እሷ ከመጣች በኋላ ላኩ።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ተገኘ! ጥር 12 ፎልደር ውስጥ ነው፤ `DSC_0412.JPG`። 4000 በ6000 ነው። ጭንቅላቷን ለካሁት፤ 656 ፒክሰል። ያው ፎቶ ነው፣ ቀድሞ 140 የነበረው! መቶ በመቶ አድርጌ ሳየው ሽፋሽፍቷ ይለያል። እህቷም ዛሬ ከሰዓት መጣች፤ ራሷ ናት። ግንዱ ላይ ያለው ስልክም የእሷ ነው።

አሁን አቆራረጡን ንገሩኝ። የት ልቁረጥ? ሌላ ችግርም አለ። እህቷ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በሩቁ ትከሻ ላይ አራት ጣት ይታያል።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

ጎሽ። መጀመሪያ ኦሪጅናሉን አትንካ፤ ኮፒ አድርገህ በኮፒው ሥራ። ክሮፑን ስትመርጥ ምጥጥኑን ብቻ፣ 3.5 በ4.5 ስጠው፤ የሪዞሉሽኑን ሳጥን ባዶ ተወው። ያኔ ያለውን ፒክሰል እንዳለ ይሰጥሃል፣ አይለጥጥም አይቀንስም። `Delete Cropped Pixels` የሚለውን ምልክት አጥፋው። ካልወደድከው መልሰህ ታሰፋዋለህ።

ለአቆራረጡ እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። ጭንቅላቷ የፎቶውን ቁመት ግማሽ ያህል ይያዝ። 656 ከሆነ ቁመቱ 1312፣ ስፋቱ 1020 አካባቢ ይሆናል። ከፀጉሯ በላይ ትንሽ አየር ተው። ዓይኖቿ ከመሐል ከፍ ብለው ይቀመጡ። የታችኛው ጠርዝ አንገት ላይ ወይም ትከሻው ጫፍ ላይ አይረፍ፤ እዚያ ካረፈ ጭንቅላቱ የተቀመጠ ሐውልት ይመስላል። «ከትከሻ በላይ» ስትል ሰው የሚለው አባባል ነው፤ ትከሻዋ ይግባና ከብብት ከፍ ብሎ ይቆረጥ። ነጠላው ደረቷ ላይ የሚተጣጠፍበት ቦታ ካለ እሱ ይታይ፤ ግማሹ ላይ ከተቆረጠ ፋሻ ይመስላል።

1020 በ1312 ከሆነ በ300 ቢታተም እንኳ 8.6 በ11 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከሚያስፈልጋት በላይ ነው።

ቤቲ_ፍራንክፈርት

ቁመቱ ግማሽ የሚለው ለእኔ ትንሽ ጠበበ። እዚህ ፎቶ ያነሳኝ ሰውዬ ጭንቅላቴን ሲሶ ያህል ነው ያደረገው። ሰፋ ሲል ዘና ያለ ሰው ይመስላል።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

ወረቀት ላይ ለሚታተም ልክ ነሽ። እሷ ግን በኮምፒዩተር ነው የምትልከው። ቀጣሪው ዝርዝሩ ላይ እንደ ጥፍር ያህል ሆኖ ነው የሚያየው። ሲሶ ከሆነ ፊቷ ይጠፋል። ሁለቱንም ይላክላትና ትምረጥ፤ ፒክሰሉ ይበቃል።

ጣቶቹ ግን ራስ ምታት ናቸው። በመቁረጥ አይወጡም፤ ትከሻዋን መቁረጥ ይሆናል። ማጥፋት ይቻላል፤ ከነጠላው ንጹሕ ቦታ እየቀዱ መሸፈን ነው። ግን እሷ «ቁረጡ» ነው ያለችው እንጂ «አጥፉ» አላለችም። ጠይቃት።

ሚሚ_ሻርጃ

ፊቴን አትንኩት ነው ያለችው፤ ጣት ፊት አይደለም። የሌላ ሰው እጅ ትከሻ ላይ ሆኖ ለሥራ መላክ ግን ያሳፍራል። ከጓደኛ ፎቶ ላይ እንደተቆረጠ ወዲያው ይታወቃል። እኔ ብሆን አጥፉልኝ እላለሁ።

ደጀን_ዲቪ

ለዲቪ እንዲህ ያለ ነገር በጭራሽ አይቻልም። የተነካካ ፎቶ ያስጥላል።

ሰብለ_አዳማ

ደጀን፣ ዲቪ አይደለም ብሎሃል እኮ። ግን መነካካቱ ለእኔም ትንሽ ይከብደኛል። ዛሬ ጣት ካጠፋን ነገ ጠባሳ እናጠፋለን። መስመሩ የት ላይ ነው?

ጋሽ_ኔጌቲቭ

እኔ ለራሴ ያስቀመጥኩት መስመር አለ። የሰውየው ገላ ያልሆነን ነገር ማንሳት እችላለሁ፤ የእህት ጣት፣ ክር፣ የግድግዳ ምስማር። የሰውየው ገላ የሆነውን አልነካም። ጠባሳ፣ ማድያት፣ የጥርስ ክፍተት የሷ ነው። ነገ ቃለ መጠይቅ ላይ ይዛው የምትገባው እሱን ነው። ለዚህ ነው ኮቱንም የምቃወመው፤ አንገትና ትከሻ ይለውጣል፣ ብርሃኑም ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ኮት ነው። አቤል ግን ሥራ ይይዙበታል ሲል አልዋሸም፤ አይቻለሁ።

አቤል_ዲዛይን

ጋሼ፣ ብርሃኑን ማዛመድ ይቻላል። ግን እሷ ስላልጠየቀች እተወዋለሁ።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

ጻፍኩላት። የመለሰችው ይህን ነው፦ «የእህቴ እጅ ነው፣ ለእኔ ውድ ነው። ግን ለሥራ ስለሆነ ይነሳ። ሙሉውን ፎቶ ደግሞ እንዳለ፣ ከነእጇ፣ በትልቁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ያለኝ ትንሹ ብቻ ነው።»

ሙሉውን ላክሁላት። በቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን `File` ብዬ ነው የላክሁት፤ እንዳይጨመቅ። ጉርዱን በኢሜይል ነው የማያይዘው።

ሁለት አድርጌ ቆርጫለሁ፤ የጋሼንም የቤቲንም። ጣቶቹንም ሸፍኛለሁ። ስንት ልጠይቃት ግን አላውቅም። ወንድሜ የአዲስ ጉርድ ዋጋ እንጠይቅ ይላል። እኔ ደግሞ ፎቶው አንዴ የተከፈለበት ነው እላለሁ።

አቤል_ዲዛይን

ወንድምህ ልክ ነው። ፎልደር ስትፈልግ ያመሸኸው ማታ ሥራ ነው።

ሚሚ_ሻርጃ

ሥራ የላትም እኮ። ደመወዝ ስትይዝ ትክፈል።

ጋሽ_ኔጌቲቭ

ዋጋውን እናንተው ወንድማማቾቹ ጨርሱት። እኔን የሚያሳስበኝ ነጠላው ነው። ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ጥለቱ ያልፋል አይደል? መቶ በመቶ አድርገህ የጥለቱን መስመር ከዳር እስከ ዳር በዓይንህ ተከተለው። ሲሸፈን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ጨርቅ ሰው ይቅር ይላል፤ የተሰበረ ጥለት ግን ሐበሻ ያልሆነ ሰው እንኳ ያየዋል።

የሐዋሳው_ፎቶ_ቤት

አሁን ተከተልኩት። እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ሁለተኛው ጣት የነበረበት ቦታ ላይ ጥለቱ ወደ ታች ዝቅ ብሏል። አረንጓዴው መስመር ቢጫው ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ማታ አስተካክዬ ነገ ጠዋት እልካለሁ።